ስለ ጥያቄ 7፦ ለፕሮግራሚንግ መምህራችን ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበሩ የፕሮግራሚንግ ኮርስ መምህራችን
ግልባጭ፦ ለዲፓርትመንታችን ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የፋይናል ፈተና ወረቀታችን እንደገና እንዲታይልን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ መምህር።

የእርስዎንም ስም የግቢያችንንም ስም እዚህ አልጻፍኩም። ሲያነቡት ለእርስዎ እንደሆነ ይገባዎታል፤ ሌላ ሰው ማወቅ አያስፈልገውም። በግልጽ የጻፍኩት ቸኩዬ አይደለም። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቻለሁ። ሁለቱን ቀን አላገኘሁዎትም። በሦስተኛው ቀን ደግሞ በሩ ላይ ቆመን አምስት ደቂቃ ያህል አወራን፤ ለስብሰባ እየወጡ ነበር። ከዚያ በኋላ በጽሑፍ አስገባሁ። መልስ የለም። ዲፓርትመንት ስሄድ "ከመምህሩ ጋር ጨርሱ" ይሉኛል፣ እርስዎ ደግሞ "ካልተስማማህ ዲፓርትመንት ሂድ" ብለውኛል። በሁለቱ መካከል እየተመላለስኩ ሁለት ሳምንት አለፈ።

የእኔ ብቻ ጉዳይ ቢሆን ምናልባት እተወው ነበር። ግን የሴክሽኑ ተወካይ ነኝ። ልጆቹ ማታ ማታ ዶርም ድረስ እየመጡ "ምን አሉ?" ይሉኛል። የምመልስላቸው የለኝም።

ነገሩ ይህ ነው። በፋይናሉ ላይ ሰባተኛው ጥያቄ "የሚከተለው ፕሮግራም ምን ያትማል?" ይላል። አራት ማርክ ነው። ኮዱ ይኸው፦

```
int i = 5;
int x = ++i + ++i + ++i;
cout << x << " " << i;
```

የእርስዎ መልስ ቁልፍ `24 8` ይላል። ከዚህ ውጭ የጻፈ ሁሉ ዜሮ አግኝቷል። ወረቀት ባየንበት ቀን ከሴክሽናችን ልጆች ጋር ተያይተን ነበር። አንዳንዱ 24 ጽፏል። ብዙው 21 ጽፏል። አራት ልጆች 22 ጽፈዋል። እኔና አንዲት ልጅ ደግሞ ቁጥር አልጻፍንም። "ይህ ኮድ የተወሰነ ውጤት የለውም፤ አንድ ተለዋዋጭ በአንድ መግለጫ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተለውጧል፣ ቅደም ተከተሉን ደግሞ ቋንቋው አልደነገገም" ብለን ነው የጻፍነው። የእኔ ወረቀት ላይ ከዓረፍተ ነገሩ በታች በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ የጥያቄ ምልክት አለ። ከጎኑ 0/4።

ስለዚያ የጥያቄ ምልክት ብዙ አስቤያለሁ። "ምን ማለትህ ነው?" ከሆነ ትርጉሙ፣ ይህ ደብዳቤ መልሱ ነው።

በመጀመሪያ የማምነውን ላስቀምጥ። 24 ከየትም የመጣ ቁጥር አይደለም። ቢሮዎ በር ላይ "ተርቦ ሲ ላይ ሞክረው" ብለውኝ ነበር። ሞክሬዋለሁ። የድሮውን ሰማያዊ ስክሪን በዶስቦክስ ከፍቼ፣ ኮዱን ለእሱ እንዲስማማ አድርጌ፣ `iostream.h` ብዬ ጻፍኩት። እውነትዎን ነው፣ 24 ይላል። ያንኑ ኮድ ላብ ውስጥ ባለው ኮድብሎክስ ላይ ሳስኬደው ግን 22 አለ። እሱ ከበስተጀርባ የሚጠቀመው ጂሲሲ የሚባለውን ኮምፓይለር ነው። ከክፍላችን አንድ ልጅ አጎቱ ከአሜሪካ የላከለት ማክ አለው። ማክ ላይ ያለው ክላንግ ነው። እዚያ ላይ 21 አለ። አንድ ኮድ፣ ሦስት ማሽን፣ ሦስት መልስ። `i` ብቻ ሦስቱም ላይ 8 ነው።

ሦስቱም ስህተት አልሠሩም። ለምን እንደሆነ በሱቅ ዱቤ ምሳሌ ላስረዳ፤ ለክፍላችን ልጆችም እንዲህ ነው ያስረዳኋቸው። ሱቅ ውስጥ አንድ የዱቤ ደብተር አለ እንበል። ገጹ ላይ 5 ተጽፏል። ሦስት ልጆች ተልከዋል። እያንዳንዳቸው የሚሠሩት አንድ ነገር ነው፦ ቁጥሩን በአንድ ከፍ አድርገው ይጽፋሉ፣ ከዚያ ደብተሩ ላይ ያለውን ቁጥር ይናገራሉ። በመጨረሻ ሦስቱ የተናገሩት ይደመራል።

እያንዳንዱ ልጅ ጽፎ ወዲያው ቢናገር 6፣ 7፣ 8 ይላሉ። ድምሩ 21 ነው። ክላንግ የሠራው ይህን ነው። ሦስቱም በመጀመሪያ ጽፈው ቢጨርሱና ከዚያ ደብተሩን ቢያዩ ሁሉም የሚያዩት 8 ነው። 8 ሲደመር 8 ሲደመር 8፣ 24። ተርቦ ሲ ላይ የወጣው ቁጥር ከዚህ ጋር ይገጥማል። ሁለቱ ልጆች ጽፈው ካበቁ በኋላ ሁለቱም 7 ብለው፣ 14 ተብሎ ተይዞ፣ ከዚያ ሦስተኛው መጥቶ 8 ቢል ደግሞ 22 ይሆናል። ጂሲሲ እንዲህ ነው ያደረገው። መደመሩን ሁለት ሁለት አድርጎ ስለሚይዘው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አንድ ላይ ጨረሰና ሦስተኛውን ለብቻው ወሰደው።

ልጆቹን የላከው ሰው "መቼ ጻፉ፣ መቼ ተናገሩ" የሚለውን አልነገራቸውም። ችግሩ ያ ብቻ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስም አልተናገረም።

እርስዎ ግን በር ላይ ሌላ ነገር ብለውኛል። "ፕላስ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው፣ ስላይዱን አንብብ" ነበር ያሉኝ። ስላይዱን አንብቤዋለሁ። የአሶሲዬቲቪቲ ሠንጠረዥ አለው፣ ፕላስ ከግራ ወደ ቀኝ ይላል፣ ትክክል ነው። ግን ይህ ሠንጠረዥ የሚናገረው ቅንፉ የት እንደሚገባ ነው። መግለጫው እንዲህ ይነበባል ማለት ነው፦

```
(++i + ++i) + ++i
```

ይኸው ነው። መጀመሪያ ግራ ያሉት ሁለቱ ይደመራሉ፣ ከዚያ ሦስተኛው ይጨመራል። የትኛው `++i` ቀድሞ ይሠራል የሚለውን ግን ሠንጠረዡ አይነካውም። በዱቤው ምሳሌ ብንሄድ፣ ሦስቱ የተናገሩትን ከግራ ወደ ቀኝ መደመር ይቻላል። ማን ቀድሞ ደብተሩ ጋ ደረሰ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ሁለቱን እናምታታለን። እኔም እስከ ሚድ ድረስ አምታታው ነበር።

አሁን ደግሞ ይበልጥ የሚያሳዝነኝን ልንገርዎ። የእርስዎን ማብራሪያ እንዳለ እንቀበለው። ሁሉም ነገር ከግራ ወደ ቀኝ ነው እንበል። የመጀመሪያው `++i` 6 ይሆናል። ሁለተኛው 7። ሦስተኛው 8። ድምሩ 21 ነው። 24 አይደለም! ስላይዱን አጥንቶ፣ እርስዎ ባስተማሩት መንገድ በእጁ ሠርቶ የመጣ ተማሪ የሚደርሰው 21 ላይ ነው። እነዚያም ዜሮ ናቸው። ማለትም መልስ ቁልፉ የሚጋጨው ከእኔ ጋር ብቻ ሳይሆን ከስላይድዎም ጋር ነው።

ከእነዚያ 21 ካሉት አንዷን ልጥቀስ። ወረቀቷ ላይ ደረጃ በደረጃ ጽፋለች። `i` 6 ሆነ፣ 7 ሆነ፣ 8 ሆነ እያለች ትንሽ ሠንጠረዥ ሠርታለች። ከሠንጠረዡ አጠገብ አንድም ምልክት የለም። መጨረሻ ላይ 21 ላይ ብቻ ቀይ መስመር ተሰምሯል። ውጤቷ ሲደመር 76 መጣ። በእኛ ስኬል ቢ ፕላስ ነው። አራቱ ማርክ ቢሰጣት 80፣ ኤ ማይነስ ነበር። "ተይው" አልኳት አንድ ቀን። "አንተ ተወው" አለችኝ። ልክ ናት።

24 የጻፉት ልጆችስ እንዴት አገኙት? ይህን ማለት ደስ አይለኝም፤ ግን እውነቱ ይህ ነው። አንዳቸውም በእጅ ሠርተው አላገኙትም። ጥያቄው ከድሮ ፈተና የመጣ ነው። ከጂሲዎቹ የተገኘው ኦልድ ኤግዛም ውስጥ ቁጥሩ ሳይቀየር አለ፣ መልሱም በእስክሪብቶ ተጽፏል። እኔም አይቼው ነበር። ፈተና ክፍል ውስጥ 24 ብጽፍ አራቱን ማርክ እንደማገኝ አውቅ ነበር። እስክሪብቶዬን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። በመጨረሻ የማምንበትን ጻፍኩ። አሁን ሳስበው አንዳንዴ ሞኝነት ይመስለኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ አይመስለኝም። ኦልዱን ያገኙትን ልጆች አልወቅስም። የቸከለ ቸክሏል። ግን አራት ማርክ የተሰጠው ለችሎታ ነው ወይስ ኦልድ ለማግኘት?

"ውጤት የለውም" የሚለውን ከራሴ አላመጣሁትም። የሲ ፕላስ ፕላስ ስታንዳርድ በግልጽ ያስቀመጠው ነገር ነው። የመጀመሪያው የ1998ቱ ስታንዳርድ፣ አንድ ተለዋዋጭ በሁለት የማረፊያ ነጥቦች መካከል ከአንድ ጊዜ በላይ ከተለወጠ ውጤቱ አይታወቅም ይላል። አገላለጹን በ2011 ቀየሩት፣ ፍሬ ነገሩ ግን ያው ነው፦ ማን ከማን እንደሚቀድም ያልተወሰነላቸው ሁለት ለውጦች አንድ ተለዋዋጭ ላይ ካረፉ፣ አንዲፋይንድ ቢሄቪየር ይባላል። ይህ ማለት "ኮምፓይለሩ ከሦስቱ አንዱን ይመርጣል" ማለት እንኳን አይደለም። ስታንዳርዱ ስለዚህ ፕሮግራም ምንም ቃል አይገባም ማለት ነው። ዛሬ 22 ያለው ጂሲሲ ነገ በሌላ ቨርዥን ሌላ ቢል ማንም ሊከሰው አይችልም።

በ2017 አንዳንድ ነገሮች ላይ ቅደም ተከተል ተደንግጓል። ለምሳሌ በ`cout` ውስጥ የምንደረድራቸው `<<` አሁን ከግራ ወደ ቀኝ በተራ ነው የሚሠሩት። የእኩል ምልክትም ተወስኖለታል፤ ከቀኝ ያለው ይቀድማል። ፕላስን ግን አልነኩትም። ስለዚህ "በአዲሱ ተስተካክሏል" የሚል ሰው ካለ፣ ለዚህ ጥያቄ አልተስተካከለም።

ቋንቋውን የፈጠረው ብያርነ ስትሮስትሩፕም ራሱ ድረ ገጹ ላይ በተደጋጋሚ ለሚጠየቁ ጥያቄዎች መልስ ሲሰጥ፣ `i++ + i++` ስንት ነው ለሚለው የሰጠው መልስ "አልተወሰነም" የሚል ነው። የእኛ ጥያቄ የዚያ ወንድም ነው። ቋንቋውን የሠራው ሰው በእኛ ፈተና ላይ ቢቀመጥ ጥያቄ 7ን ይወድቅ ነበር ማለት ነው።

ስታንዳርድ ማንበብ ከባድ ነው ከተባለ ደግሞ ኮምፓይለሩን መጠየቅ ይቻላል። የላባችን ማሽን ላይ ማስጠንቀቂያውን ከፍቶ ማስኬድ ብቻ ነው፦

```
g++ -Wall q7.cpp
warning: operation on 'i' may be undefined [-Wsequence-point]
```

ማክ ላይ ምንም ሳይጨመር በራሱ ይናገራል፦

```
warning: multiple unsequenced modifications to 'i' [-Wunsequenced]
```

ሁለቱም የሚሉት አንድ ነው፦ `i` ላይ የሠራኸው ነገር ያልተወሰነ ነው። እኔ ወረቀቴ ላይ በእጄ የጻፍኩት ይህንኑ ነበር። ኮምፓይለሩ ሲለው ማስጠንቀቂያ ተባለ፣ እኔ ስለው የጥያቄ ምልክት ተሰመረበት። ተርቦ ሲ ላይ ግን ሳስኬደው ዝም አለ። ምናልባት እርስዎም ይህን ማስጠንቀቂያ ያላዩት ለዚህ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ አጭር ነው፤ ሥሩ ግን ያው ነው። ጥያቄ 3 `sizeof(int)` ስንት እንደሚመልስ ይጠይቃል፣ አንድ ማርክ። መልስ ቁልፉ 2 ይላል። ላብ ውስጥ ስናስኬደው ሁልጊዜ 4 ነው። ተርቦ ሲ ለድሮው ዶስ የተሠራ ስለሆነ `int`ን በ2 ባይት ይይዘዋል። የዛሬዎቹ ኮምፓይለሮች እንደኛ ባሉ ማሽኖች ላይ በ4 ይይዙታል። ስታንዳርዱ ቢያንስ 16 ቢት መሆን አለበት ብሎ ቀሪውን ለኮምፓይለሩ ትቶታል። ስለዚህ 2ም 4ም ትክክል ነው፣ ኮምፓይለሩ ከተጠራ። ጥያቄው ላይ ግን አልተጠራም። ይህኛው ከጥያቄ 7 ይሻላል፤ ቢያንስ የኮምፓይለሩን ስም አንድ መስመር ቢጨምሩበት ጥያቄው ይድናል። ጥያቄ 7 ግን ስም ቢጨመርበትም የሚለካው የአንድን ሶፍትዌር ጠባይ እንጂ ቋንቋውን አይደለም።

የኮርስ አውትላይኑ ላይ ተርቦ ሲ የሚል ቃል የለም፤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ላብ ላይ የሠራነው ኮድብሎክስ ነው። አሳይመንት ያስገባነውም በእሱ ነው። ሴሚስተሩን ሙሉ አንድ ኮምፓይለር ላይ አስተምሮ በሌላ ኮምፓይለር ማረም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ተገቢ አይደለም። 22 የጻፉት አራቱ ልጆች ይህን ኮድ ከፈተናው በፊት ላብ ላይ ያስኬዱ ናቸው። ማለትም የተማሩበትን ማሽን አምነው ነው ዜሮ ያገኙት።

አንድ ነገር እንዳይመስልዎት እፈራለሁ። ኢንክሪመንት አይጠየቅ እያልኩ አይደለም። መጠየቅ አለበት፣ ቀላልም አይደለም። ግን ያንኑ እውቀት የሚለካ፣ የትም ቢኬድ አንድ መልስ ያለው ጥያቄ ማውጣት ይቻላል፦

```
int i = 5;
int a = ++i;
int b = i++;
int c = ++i;
cout << a + b + c << " " << i;
```

`a` 6 ነው። `b` 6 ይይዛል፣ `i` ከዚያ 7 ይሆናል። `c` 8 ነው። ድምሩ 20፣ `i` 8። እያንዳንዱ መስመር በነጠላ ሰረዝና ነጥብ ስለሚያበቃ፣ የቀደመው ሳያልቅ ቀጣዩ አይጀምርም። ክላንግም ጂሲሲም ተርቦ ሲም 20 ይላሉ። የቅድሚያና የኋላ ኢንክሪመንትን ልዩነት ያልገባው ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል። የገባው ያልፋል። ኦልድ ኤግዛም ያለው ልጅም ቁጥሩ ሲቀየርበት መሥራት ይኖርበታል።

ሦስተኛው ቅሬታችን ስለ ወረቀት ማየቱ ነው። ለጠቅላላው ሴክሽን የተሰጠን ጊዜ አንድ ሰዓት አይሞላም። ወረቀቱን በተራ እያየን ስንወጣ እርስዎ ክፍል ውስጥ አልነበሩም፤ አሲስታንቱ ነው የነበረው። እሱን ስንጠይቅ "እኔ አላረምኩትም" አለ፣ እውነቱን ነው። መልስ ቁልፉ ግድግዳ ላይ አልተለጠፈም። 24 መሆኑን ያወቅነው ሙሉ ማርክ ያገኙትን ልጆች ወረቀት ከራሳችን ጋር አስተያይተን ነው። ሬጅስትራር ግሬድ የገባው በማግስቱ ነው። ቅሬታ ያለው ሰው መቼ ነው የሚጠይቀው? የግቢያችን ሌጅስሌሽን ተማሪ ወረቀቱ እንደገና እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ግሬዱ ከገባ በኋላ ግን ለማስቀየር ስንት ፊርማ እንደሚያስፈልግ እርስዎም ያውቁታል፣ እኛም ሰሞኑን አውቀነዋል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

ጥያቄ 7 ከፈተናው ይሰረዝና አራቱ ማርክ ለሁሉም ተማሪ ይሰጥ። 24 ብለው ያገኙት ልጆች ላይ ምንም እንዲቀነስ አንፈልግም፤ ስህተቱ የእነሱ አይደለም። ስንመካከር አንዳንዶች "21 እና 22 ትክክል ይባሉ" ብለው ነበር፣ እኔ አልተስማማሁም። 21ም 22ም የኮዱ ትክክለኛ መልስ አይደሉም፣ ልክ 24 እንደማይሆን ሁሉ። ትክክለኛ መልስ የሌለው ጥያቄ ላይ መልስ ከመምረጥ ጥያቄውን ማንሳት ይቀላል። ይህ አይሆንም ካሉ ደግሞ ቢያንስ "ውጤቱ አልተወሰነም" ያልነው ሁለታችን ሙሉ ማርክ ይሰጠን፣ ደረጃ በደረጃ የሠሩትም ለአሠራራቸው ከፊል ማርክ ያግኙ። ይህኛው ግን ሁለተኛ ምርጫችን ነው።

ጥያቄ 3 ላይ 4 ብሎ የመለሰ አንድ ማርኩን ያግኝ። የመልስ ቁልፉ ከእርማት በኋላ ይለጠፍ፤ በቀጣይም ግሬድ ወደ ሬጅስትራር ከመግባቱ በፊት ወረቀት ለማየትና ለመጠየቅ ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን ይሰጠን። ውጤት ተኮር የሆነ የኮድ ጥያቄ ሲወጣ ደግሞ የኮምፓይለሩ ስም ከላይ ይጻፍ።

እርስዎ ካልተስማሙ፣ ዲፓርትመንቱ ሲ ፕላስ ፕላስ የሚያስተምር ሌላ መምህር መድቦ ሁለቱን ጥያቄዎች ብቻ እንዲያይልን እንጠይቃለን። የእርስዎን ወረቀት ሁሉ ይመርምር እያልን አይደለም። የቀረውን እርማትዎን አይተነዋል፣ ቅሬታ የለንም።

ከፈለጉ ላፕቶፕና ዶስቦክስ ይዤ እመጣለሁ። ሦስቱንም ኮምፓይለር ጎን ለጎን ከፍተን ለማየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሰኞና ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ክፍል የለንም። የቢሮ ሰዓትዎን ካሳወቁኝ በዚያ ሰዓት በር ላይ እገኛለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

የሁለተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪና የሴክሽኑ ተወካይ